የአስተዳደር ሕግ በ15 ሳምንት፦ አንድ የተሰረዘ ፈቃድ፣ ሦስት መፈተሻ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ቀን እየሠራሁ ማታ ሕግ እማራለሁ። የአስተዳደር ሕግን ባለፈው ሴሚስተር ወስጄ ወደቅሁ፤ አሁን እየደገምኩት ነው። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ነው፤ ከክፍል ውጭ በሳምንት ከ6 ሰዓት በላይ አላገኝም። ባለፈው በየሳምንቱ ምዕራፎቹን አንብቤ፣ ማስታወሻ ይዤ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለክለሳ ትቼ ነበር። ፈተናው ላይ ግን ያነበብኩት ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ይህ ትምህርት ሽምደዳ ነው ይሉኛል። በየሳምንቱ ምን ላጥና? ክለሳውንስ መቼ ላድርግ?»

ምላሽ፦ የተደበላለቀብዎት ንባቡ አንሶ ሳይሆን፣ ያነበቡትን እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ድረስ አንድም ጊዜ ስላልሠሩበት ነው። የአስተዳደር ሕግ ፈተና ብዙውን ጊዜ አንድ ታሪክ ይሰጣል። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ላይ ውሳኔ አሳልፏል፣ ሰውየው ቅር ብሎታል፣ ምን ትመክሩታላችሁ ይላል። በዚያ ታሪክ ውስጥ የስድስት ሰባት ሳምንት ትምህርት ተቆላልፎ ተቀምጧል። ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበበ ተማሪ እያንዳንዱን ርዕስ ለብቻው ያውቀዋል፤ የታሪኩ የትኛው ዓረፍተ ነገር የትኛውን ርዕስ እንደሚጠራ ግን አልተለማመደም። ይህን ልምምድ በ14ኛው ሳምንት ልጀምር ቢሉ ጊዜ አይበቃዎትም፤ የ5ኛው ሳምንት ትምህርት እስከዚያ ድረስ ተረስቶ እንደ አዲስ የሚጠና ይሆናል።

ስለዚህ ክለሳውን ወደ መጨረሻ አይግፉት። በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሦስት ክለሳዎች ያስቀምጡ፤ ሦስቱንም በአንድ ታሪክ ላይ ይሥሩ። ታሪኩ ያው ሆኖ የሚጠየቀው ነገር እየጨመረ ይሄዳል። «ክለሳ» የሚለውን ቃል በዚህ ትምህርት ውስጥ ፍርድ ቤቱ ለሚያደርገው ሥራ ስለምንፈልገው፣ የእርስዎን ክለሳ ከዚህ በኋላ «መፈተሻ» እለዋለሁ።

ሽምደዳ ነው የሚለውን ወሬ ይተዉት። መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩባቸው አዋጆች፣ ደንቦችና መመሪያዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ማንም መምህር ያንን ሁሉ እንዲይዙ አይጠብቅም። ትምህርቱ ለየትኛውም ውሳኔ የሚቀርቡ ጥቂት ጥያቄዎች ነው። ውሳኔውን የሰጠው አካል ይህን ሥልጣን ከየት አገኘው? በወሰኑ ውስጥ ተጠቀመበት? ሰውየውን ሰማው? ሊወስን የተቀመጠው ሰው ገለልተኛ ነበር? ውሳኔው በምክንያት ሊደገፍ ይችላል? ፍርድ ቤት የሚገባበት በር ክፍት ነው? ከገባስ ምን ማግኘት ይቻላል? በቃል መያዝ ያለበት ይህ ቅደም ተከተልና በየሳምንቱ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይበልጡ ፍርዶች ናቸው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ስህተት አለ፤ ወረቀት ላይ ወዲያው ስለሚታይ ነጥብ በብዛት ይበላል። የፍርድ ቤት ክለሳ ይግባኝ አይደለም። በይግባኝ ላይ የበላዩ ፍርድ ቤት ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በሕግ በተሰጠው መጠንም በበታቹ ምትክ ሊወስን ይችላል። በክለሳ ላይ የሚጠየቀው ውሳኔው በሕግ በተፈቀደው መንገድ ተሰጠ ወይ የሚለው ብቻ ነው። መልስዎ ውስጥ «ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ይቀንስላታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ ሁለቱን ቀላቅለዋል ማለት ነው። ይህን ልዩነት በ1ኛው ሳምንት በራስዎ ቃል በአንድ አንቀጽ ይጻፉትና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጥፉት።

ስድስቱን ሰዓት እንዲህ ይከፋፍሉት። ሁለቱ ለርዕሱ ንባብ ይሁኑ፤ ንባቡ ግን ከሀገርዎ ሕግ ቃል ይጀምርና ከዚያ ወደ መጽሐፉ ይሂድ። ሁለቱ ለፍርዶች ይሁኑ። አንዱ ሰዓት መጽሐፍ ተዘግቶ አንድ ገጽ የሚጻፍበት ነው። የቀረው አንድ ሰዓት ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ወደተማሩት መመለሻ ነው፤ በ7ኛው ሳምንት ውስጥ የ3ኛውንና የ4ኛውን ካርዶች ያወጡና ሳያዩ ለመናገር ይሞክራሉ። ለእያንዳንዱ ፍርድ የሚይዙት ካርድ ስድስት መስመር ብቻ ይኑረው፦ ማን ወሰነ፣ በየትኛው ሥልጣን፣ አመልካቹ ምን ብሎ ተቃወመ፣ ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ ለምን። መጨረሻው ላይ ማን እንዳሸነፈ ይጻፉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ተማሪ ግን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት መሠረቱ ናቸው፤ ሳይረዝሙ ማለፍ አለባቸው። በ1ኛው ሳምንት የሕግ የበላይነትንና የሥልጣን ክፍፍልን ከላይ በተባለው የይግባኝና የክለሳ ልዩነት በኩል ያንብቧቸው፤ ለብቻቸው ከተነበቡ የሕገ መንግሥት ትምህርት ሆነው ይቀራሉ። በ2ኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቶች እንዴት እንደሚቋቋሙና ሥልጣን ከሕግ አውጪው ወደ እነርሱ እንዴት እንደሚወርድ ይያዙ። 3ኛው ሳምንት የውክልና ሕግ ማውጣት ነው፦ ደንብና መመሪያ ከእናት ሕጉ ወሰን ሳይወጡ የሚወጡበት መንገድ፣ ረቂቁን ማሳወቅና አስተያየት መቀበል፣ ማሳተም። በ4ኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ እንደ ዳኛ ስለሚወስንበት ሁኔታና ስለ ፈቃደ ሥልጣን፣ ማለትም ሕጉ ምርጫውን ለወሳኙ ስለሚተውበት ሥልጣን ይማራሉ። በዚህ ሳምንት ከስድስቱ ሰዓት ሁለቱ የመፈተሻው ስለሆኑ ንባቡን በአራት ሰዓት ይጨርሱ።

ታሪኩ ይኸውና፤ እንዳለ ገልብጠው ይያዙት። አንድ አዋጅ እንዲህ ይላል፦ «ዋና ዳይሬክተሩ፣ ፈቃድ የተሰጠው ሰው የመድኃኒት አያያዝ መስፈርቶችን ጥሶ ሲገኝ፣ ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል።» አንድ ተቆጣጣሪ ወደ አንዲት ፋርማሲስት መድኃኒት ቤት ሄዶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን የነበረበትን ማቀዝቀዣ 14 ዲግሪ ላይ ያገኘዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈቃዷ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳታል። ደብዳቤው የተቆጣጣሪውን ግኝት ይጠቅስና «ዋጋ ታስወድዳለች የሚል ጥቆማም ስለደረሰን» ይላል። የፈረመው የቁጥጥር መምሪያ ኃላፊው ነው። መሥሪያ ቤቱ «የማቀዝቀዣ ጉድለት የተገኘበት ማንኛውም መድኃኒት ቤት ፈቃዱ ይሰረዛል» የሚል የውስጥ ሰርኩላር አለው። የተቆጣጣሪውን ሪፖርት ማንም አላሳያትም። የስረዛውን ሐሳብ ያቀረበው ኮሚቴ አንዱ አባል በዚያው መንገድ ላይ የሌላ መድኃኒት ቤት ባለቤት ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ለሁሉም ባለ ፈቃዶች በላከው ደብዳቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የተገኘበት 30 ቀን የማስተካከያ ጊዜ እንደሚሰጠው ጽፎ ነበር። አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ ቦርድ ማመልከትን፣ ከመጨረሻው ውሳኔ በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ ለፍርድ ቤት አቤት ማለትን ይፈቅዳል። የስረዛው ደብዳቤ ስለ ቦርዱ ምንም አይልም። ፋርማሲስቷ እርስዎ ጋ የመጣችው ደብዳቤው በደረሳት በ70ኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያው መፈተሻ ስለ ሥልጣን ብቻ ይጠይቃል። 45 ደቂቃ ይመድቡና ሁለት ጥያቄ ይመልሱ፦ መሥሪያ ቤቱ እዚህ ላይ ሕግ እያወጣ ነው ወይስ እየዳኘ ነው? ፈቃድ የመሰረዙ ሥልጣን በአዋጁ የትኛው ቃል ላይ ቆሟል? ስረዛው በአንዲት ሴት ጉዳይ ላይ የተሰጠ ስለሆነ የአስተዳደር ዳኝነት ነው፤ ሰርኩላሩ ግን ሁሉንም የሚመለከት ስለሆነ ወደ መመሪያ ይጠጋል። እንደ መመሪያ ከታየ ደግሞ በ3ኛው ሳምንት የተማሩት ጥያቄ ይነሣበታል፤ በሕጉ በተደነገገው ሥርዓት ወጥቶ ታትሟል ወይ? «ሊሰርዝ ይችላል» የሚለው ቃል ፈቃደ ሥልጣን ነው፤ «ይሰርዛል» ቢል ኖሮ ግዴታ በሆነ ነበር። በዚህ አንድ ቃል ላይ የ6ኛው ሳምንት ትምህርት በሙሉ ይቆማል። በማግስቱ ወረቀቱን ያውጡና በቀይ እስክሪብቶ ያርሙት። እያንዳንዱ አንቀጽ ሦስት ነገር እንዲይዝ ይፈልጉ፦ የሕጉን ቃል፣ ከፍርዶቹ የተማሩትን መርህ፣ ከታሪኩ የተነቀሰ ፍሬ ነገር። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት አንቀጽ ፈተና ላይ ግማሽ ነጥብ ያስቀርብዎታል። የሕጉ ቃል ከሁለት አንቀጽ በላይ ጎድሎ ካገኙ መጽሐፉን እያነበቡ ሕጉን እንዳላነበቡ ምልክት ነው፤ በ5ኛው ሳምንት የንባብ ሰዓትዎን ወደ ሕጉ ያዙሩ።

ከ5ኛ እስከ 8ኛው ሳምንት የትምህርቱ እምብርት ነው። እዚህ ላይ ቢቸኩሉ በኋላ የሚያካክሱበት ቦታ የለም። 5ኛው ሳምንት ከሥልጣን ወሰን ማለፍንና የሕግ ስህተትን ይይዛል። አኒስሚኒክ በሚል ስም የሚጠቀሰው የእንግሊዝ ፍርድ (እ.ኤ.አ. 1969) ሁለት ጊዜ ያስፈልግዎታል። አሁን የሚያነቡት፣ የሕግ ስህተት የሠራ አካል ከሥልጣኑ እንደወጣ ሊቆጠር እንደሚችል ለማየት ነው። በ11ኛው ሳምንት ደግሞ ሕግ አውጪው «ይህን ውሳኔ ፍርድ ቤት አያይም» ብሎ ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ተመልሰው ያነቡታል። አንድ ካርድ ሁለት ቦታ እንደሚያገለግል ጥግ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

6ኛው ሳምንት የፈቃደ ሥልጣን አጠቃቀም ነው፤ አራት ስህተቶች አሉበት፦ ለሌላ ዓላማ መጠቀም፣ አግባብነት የሌለውን ነገር መቁጠር ወይም አግባብነት ያለውን መዝለል፣ በራስ ፖሊሲ እጅን ማሰር፣ ለሌላ አሳልፎ መስጠት። ታሪካችን ሦስቱን ይዟል። አዋጁ የሚናገረው ስለ መድኃኒት አያያዝ ነው፤ የዋጋ ጥቆማው ስለዚህ ከአዋጁ ዓላማ ውጭ ነው። ሰርኩላሩ እጅ ማሰር ነው። እዚህ ላይ ግን ብሪቲሽ ኦክስጅን የተባለውን ፍርድ (እ.ኤ.አ. 1971) በጥንቃቄ ያንብቡ። መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው ከ25 ፓውንድ በታች ለወጣባቸው ዕቃዎች ድጎማ አልሰጥም የሚል ፖሊሲ ነበረው፤ ኩባንያው ተከራክሮ ተሸነፈ። ፖሊሲ መያዝ አይከለከልም፤ የተለየ ነገር አለኝ ለሚል ሰው ጆሮን መዝጋት ነው የሚከለከለው። ስለዚህ የፋርማሲስቷ ክርክር «ሰርኩላር መኖሩ ሕገ ወጥ ነው» ከሆነ ይወድቃል፤ «‹ማንኛውም› ብሎ በሩን ዘግቷል፤ የእኔን ሁኔታ ለማየት አንድም ዕድል አልተወም» ካለ ይቆማል። ሦስተኛው ፊርማው ነው። አዋጁ ዋና ዳይሬክተሩን ሰይሟል፤ የፈረመው የመምሪያው ኃላፊ ነው። ካርልቶና የተባለው ፍርድ (እ.ኤ.አ. 1943) ሚኒስትር በሠራተኞቹ በኩል ሊወስን እንደሚችል ይላል። ይህን ይዘው ለማንኛውም ባለሥልጣን እንዲሁ ይሠራል ብለው አይዝለሉ። መጀመሪያ አዋጁ ውክልናን ይፈቅድ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ቀጥሎም ኃላፊው ወሰነ ወይስ ዳይሬክተሩ የወሰነውን ፈርሞ አስተላለፈ ብለው ይጠይቁ።

7ኛው ሳምንት የመሰማት መብት ነው። ኩፐር (እ.ኤ.አ. 1863) ሳይነገረው ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ይመለከታል፤ ሪጅ (እ.ኤ.አ. 1964) ክሱ ሳይነገረውና መልስ ሳይሰጥ የተባረረ የፖሊስ አዛዥን ይመለከታል። ሁለቱም አሸንፈዋል። የአሜሪካን ሕግ ኮርስዎ ከነካ ጎልድበርግን (እ.ኤ.አ. 1970) እና ማቲውስን (እ.ኤ.አ. 1976) ጎን ለጎን ያንብቡ። በመጀመሪያው የድህነት ድጎማ ከመቋረጡ በፊት ሙሉ መሰማት ያስፈልጋል ተባለ፤ በሁለተኛው የአካል ጉዳት ክፍያ ከመቋረጡ በፊት ያን ያህል አያስፈልግም ተባለ። ማቲውስ ሦስት ነገር ያስመዝናል፦ የሰውየው ጥቅም ክብደት፣ አሁን ባለው ሥርዓት የመሳሳት ዕድሉና ተጨማሪው ሥርዓት የሚያመጣው ለውጥ፣ የመንግሥት ጥቅምና ወጪ። የመሰማት መብት አለ ወይም የለም ብቻ እንዳልሆነ፣ መጠኑ እንደሚለያይ የሚያስተምሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በታሪካችን መተዳደሪያዋ የሆነ ፈቃድ ስለተነካ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ቢያንስ ሪፖርቱን አይታ መልስ መስጠት ነበረባት። ምናልባት ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ምናልባት መብራት የጠፋው የዚያን ቀን ጠዋት ነበር። መሰማት ለምን እንደሚያስፈልግ ፈታኙ እንዲገባው የሚያደርገው እንዲህ ያለ ተጨባጭ ነገር ነው።

8ኛው ሳምንት አድልዎና ምክንያት መስጠት ነው። የአድልዎ መለኪያ ሰውየው በልቡ አድልቷል ወይ አይደለም፤ ነገሩን የሚያውቅ ሚዛናዊ ታዛቢ የማድላት እውነተኛ ዕድል አለ ይላል ወይ ነው። ፖርተር የተባለው ፍርድ (እ.ኤ.አ. 2002) ይህን አስቀምጧል። የኮሚቴ አባሉ ወንድም ከመድኃኒት ቤቱ መዘጋት ሊጠቀም ስለሚችል ታዛቢው ቅንድቡን ያነሣል። «ሐሳብ አቀረበ እንጂ አልወሰነም» የሚል መከላከያ እንደሚመጣ ግን ቀድመው ይጻፉ።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሁለተኛው መፈተሻ ይመጣል። ያንኑ ታሪክ፣ በ60 ደቂቃ፣ ከሥልጣን እስከ አድልዎ ይጻፉ። በማግስቱ ሲያርሙ ከቀድሞው ሦስት ምልክት ላይ አራተኛ ይጨምሩ፦ የመሥሪያ ቤቱ መልስ። ለእያንዳንዱ ክርክር መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፉ ለአንድ ወገን ጠበቃ ሆነዋል፤ ፈተናው ግን ምክር ነው የጠየቀው። እዚህ የሚታየው የተለመደ ብልሽት አንድን ፍሬ ነገር በሦስት ርዕስ መደጋገም ነው። ሪፖርቱን አለማሳየት የመሰማት ጉዳይ ነው፤ እዚያው ጨርሰውት ይለፉ። ለአድልዎም ለምክንያታዊነትም ከጎተቱት ርዕሶቹን እንዳልለዩ ይታይብዎታል።

9ኛው ሳምንት ምክንያታዊነትና ተመጣጣኝነት ነው። ማን አሸነፈ የሚለው መስመር ካርዱ ላይ ይኑር ያልኩት ለዚህ ነው። ዌንዝበሪ (እ.ኤ.አ. 1948) ላይ የከተማው ምክር ቤት ሲኒማ እሁድ እንዲከፈት ፈቅዶ፣ ከ15 ዓመት በታች ልጆች አይግቡ የሚል ግዴታ ጣለ። ብዙ ተማሪ ሲኒማው ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ተሸንፏል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሊሽር የሚችለው ማንም አስተዋይ ባለሥልጣን የማይደርስበት ሲሆን ብቻ ነው አለና ይህ እዚያ አልደረሰም ብሎ አለፈ። ጂሲኤችኪው በተባለው የእንግሊዝ የስለላ ተቋም ስም የሚታወቀው ፍርድም (እ.ኤ.አ. 1985) ሕገ ወጥነት፣ ኢምክንያታዊነትና የሥርዓት ጉድለት የሚለውን ክፍፍል ሰጥቶ፣ በብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት የተቋሙን ሠራተኞች አሸናፊ አላደረገም። ሁለቱም የሚያስተምሩት መለኪያው ከፍ ያለ መሆኑን ነው። ስለዚህ በመልስዎ ምክንያታዊነትን ከፊት አያስቀድሙ፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። በታሪካችን ለአንድ ማቀዝቀዣ ጉድለት ማገድ እየተቻለ መሰረዝ ከባድ ነው የሚለው ክርክር፣ ተመጣጣኝነትን በሚቀበል ሥርዓት ውስጥ ይጠነክራል፤ በዌንዝበሪ ብቻ በሚሠራ ሥርዓት ውስጥ ደካማ ነው። የሀገርዎ ሕግ የትኛውን እንደሚከተል በዚህ ሳምንት ለይተው ይወቁ።

10ኛው ሳምንት በመሥሪያ ቤቱ ቃል ላይ የተመሠረተ ተስፋ ነው። የ30 ቀኑ ደብዳቤ እዚህ ይገባል። ቃሉ ግልጽ ነበር ወይ፣ ቃሉን የሰጠው አካል ሥልጣን ነበረው ወይ፣ ቃሉን ለመሻር በቂ የሕዝብ ጥቅም አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ኮግላን (እ.ኤ.አ. 1999) ለጥቂት ሰዎች የተገባ ቃል እንዴት እንደተከበረ ያሳያል፤ የፋርማሲስቷ ደብዳቤ ግን ለሁሉም የተላከ ስለሆነ ልዩነቱን ራስዎ ማንሣት አለብዎት። ሰርኩላሩ ከደብዳቤው በኋላ ከወጣ መሥሪያ ቤቱ ፖሊሲ ቀይሬአለሁ ይላል፤ መቀየሩን ለባለ ፈቃዶቹ ነግሯል ወይ የሚለው ያኔ ዋናው ነጥብ ይሆናል።

11ኛው ሳምንት በሮቹ ናቸው፦ የመክሰስ መብት፣ የጊዜ ገደብ፣ የውስጥ ቅሬታን አሟጦ መጨረስ፣ ክለሳን የሚከለክሉ ድንጋጌዎች። አንዳንድ መጻሕፍት ይህን መጀመሪያ ያደርጉታል። በጥናት መጨረሻ ላይ ይሻላል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሳያውቁ በር ማጥናት ትርጉም አይሰጥም። መልስ ሲጽፉ ግን ቦታው የመጀመሪያው ገጽ ነው። በታሪኩ 70ኛው ቀን ላይ ነን፤ ለፍርድ ቤት 90 ቀኑ አላለፈም፤ ለቦርዱ 30 ቀኑ ግን አልፏል። ዘጠናውን አይቶ «ጊዜ አላት» ብሎ ያለፈ ተማሪ ወጥመዱ ውስጥ ገብቷል። ቦርዱ ጋ ስላልሄደች ፍርድ ቤቱ ሊመልሳት ይችላል፤ ዘጠና ቀኑም የሚቆጠረው «ከመጨረሻው ውሳኔ» ስለሆነ የመጨረሻው የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። መውጫው ሁለት ቦታ ይፈለጋል፦ ሕጉ በበቂ ምክንያት የዘገየ ቅሬታን ይቀበላል ወይ፣ ደብዳቤው ስለ ቦርዱ ዝም ማለቱስ በቂ ምክንያት ይሆናል ወይ። ምክሩ ተግባራዊ ነው፤ ዛሬውኑ ለቦርዱ የዘገየበትን ምክንያት ገልጻ ታመልክት፣ የቀሩትን 20 ቀናትም ሳታባክን የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ ታዘጋጅ።

12ኛው ሳምንት መፍትሔዎቹ ናቸው፦ ውሳኔን መሻር፣ ከድርጊት መከልከል፣ ግዴታን እንዲወጡ ማስገደድ፣ መብትን በፍርድ ማረጋገጥ። ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን ሽሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመልሰዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በትክክለኛው ሥርዓት ሰምቷት ያንኑ ሊወስን ይችላል። ይህን ለፋርማሲስቷ በግልጽ መንገር የምክሩ አካል ነው። እስከዚያው መድኃኒት ቤቱ ስለተዘጋ ስረዛው እንዳይፈጸም የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ እንዳለባት አይርሱ፤ ብዙ ወረቀት ላይ የሚጎድለው ይህ ነው። ሦስተኛው መፈተሻ ሙሉውን ታሪክ በፈተናው ሰዓት ልክ፣ ያለ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ቅደም ተከተሉ በሮቹ፣ ሥልጣን፣ ሥርዓት፣ ይዘት፣ መፍትሔ ይሁን። ሲያርሙ ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት መስመር እንደሰጡ ይቁጠሩ። በሮቹ ከመልሱ ሲሶ በላይ ከወሰዱ፣ ወይም መፍትሔው በሁለት መስመር ካለቀ ሚዛኑ ተዛብቷል።

13ኛው ሳምንት የመንግሥት የካሣ ኃላፊነትና ከፍርድ ቤት ውጭ ያለ ቁጥጥር ነው፤ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1809 የተጀመረው የእንባ ጠባቂ ተቋም እዚህ ይመጣል። ጊዜ ካጠረብዎት የሚሳሳው ይህ ሳምንት ይሁን። በ14ኛው ሳምንት ታሪካችንን ያስቀምጡና ከቀድሞ ፈተናዎች አይተዋቸው የማያውቋቸውን ሁለት ታሪኮች ይሥሩ። በለመዱት ታሪክ ጥሩ ጽፈው በአዲሱ ከደነገጡ፣ የያዙት ጥያቄዎቹን ሳይሆን የፋርማሲስቷን መልስ ነው። 15ኛው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አይነበብም፤ ካርዶቹ ብቻ ናቸው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ቀሩ። እነዚህ ፍርዶች በብዛት የእንግሊዝና የአሜሪካ ናቸው፤ ሐሳቡን ይሰጡዎታል እንጂ ሀገርዎ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ካለው የበላዩ የዚያ ቃል ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ የሚመለከተውን የሀገርዎን አንቀጽ ቁጥር ይጻፉ፤ ባዶ የቀረ ጀርባ ካለ መምህርዎን ይጠይቁ። ከቀደሙ ተማሪዎች የተገኘ ማስታወሻ ካለዎት ደግሞ ቀኑን ይዩ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አሻሚ ሕግን በተመለከተ ለመሥሪያ ቤቱ ምክንያታዊ ትርጓሜ እንዲገዙ ያደርግ የነበረው የሼቭሮን ፍርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በሎፐር ብራይት ተሽሯል፤ የቆየ ማስታወሻ ግን አሁንም እንደሚሠራ አድርጎ ይነግርዎታል።

ሥራ በዝቶብዎ አንድ ሳምንት ቢያመልጥዎት የጠፋውን ንባብ ለማካካስ መፈተሻውን አይሰርዙ። ያመለጠዎትን ርዕስ ሕግና አንድ ፍርድ ብቻ በሁለት ሰዓት አንብበው መፈተሻውን በቀኑ ይሥሩ፤ የጎደለዎትን ቦታ ቀይ እስክሪብቶው ያሳይዎታል፤ ወደ መጽሐፉ የሚመለሱትም ለዚያ ቦታ ብቻ ይሆናል።